78 ተማሪ፣ አንድ ማዳበሪያ፣ ስድስት ግሥ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት የሚነሣውን ክርክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። አንዱ ፈተናውን ወቀሰ፣ ሌላው ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ሌላው ወላጁን። ነገሩ ግን በ12ኛ ክፍል አልተጀመረም። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ፣ «ትናንት ገበያ ሄድኩ» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በትክክል ሳይናገር ነው እዚያ የሚደርሰው። ስለዚህ ዛሬ ክርክሩን ወደ 5ኛ ክፍል፣ ወደ አንዲት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላውርደው።

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ 13 ዓመት ሆነኝ። አሁን ያለሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛው ክፍሌ 78 ተማሪ አለው። 26 ዴስክ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ልጅ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ እንኳ አይደርስም። «ፒዲኤፉ በስልክ አለ» ይባላል፤ ስልኩ ግን ልጆቹ ጋር የለም። ያለን ሰሌዳ፣ ጠመኔ እና ደብተር ነው።

«በዚህ ቁጥር ቋንቋ ማስተማር አይቻልም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ቁጥሩን አልክድም፤ አድካሚ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይቻለው ነገር ምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። መምህሩ ተማሪውን አንድ በአንድ እያስነሣ ዓረፍተ ነገር ቢያስብል፣ ለአንድ ልጅ 20 ሰኮንድ ቢፈጅ፣ ለ78ቱ 26 ደቂቃ ይሄዳል። በዚያ 26 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የተናገረው አንዴ ነው፤ 77 ጊዜ ደግሞ ተቀምጦ ጣራ አይቷል። የማይቻለው ይህ ነው። ሦስቱ ዴስክ ላይ በአንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ቢናገሩ ግን፣ 26 ዴስክ አብሮ እየሠራ፣ በዚያው በ20 ሰኮንድ ሂሳብ በሦስት ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ዕቅዱ በሙሉ የተገነባው በዚህች ሒሳብ ላይ ነው።

ዕቅዱ እኛ መምህራን ሲምፕል ፓስት የምንለውን፣ ማለትም ተራውን የኀላፊ ጊዜ ለጀማሪ ማስተማሪያ ነው። ልጆቹ በወረቀት ላይ አምስተኛ ዓመታቸው ነው፤ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ተምረዋል። በተግባር ግን ጀማሪ ናቸው፣ እና እንደ ጀማሪ ነው የምይዛቸው።

የመጀመሪያው ችግር ሰሌዳው ነው። መምህር ከክፍል ክፍል ስለሚዞር፣ እኔ ስገባ ሰሌዳው በሒሳብ ወይም በአካባቢ ሳይንስ ማስታወሻ ተሞልቷል፤ ግማሹ ተማሪም ገና እየገለበጠ ነው። «ቲቸር፣ እንዳያጠፉት!» የሚለው ጩኸት ብቻ አራት አምስት ደቂቃ ይበላል። መፍትሔው ነጭ ማዳበሪያ ነው። የዳቦ ዱቄት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ስፌቱን ፈትቶ መዘርጋት፣ አጥቦ ማድረቅ፣ በማርከር መጻፍ፣ ከዚያ በሁለት ምስማር መስቀል። በእኔ ላይ አልተጀመረም፣ ብዙ መምህር ያደርገዋል። ጥቅሙ አንዴ የጻፍኩትን በአራቱም ሴክሽን ይዤ መዞሬ ነው። ሰሌዳውንም ለልጆቹ እተውላቸዋለሁ፤ እነሱ ሲገለብጡ እኔ እሰቅላለሁ።

ማዳበሪያው ላይ ያለው ትንሽ ነው። መሐሉን ወደታች የሚከፍል አንድ መስመር፤ በስተግራ «ኤቭሪ ደይ»፣ በስተቀኝ «የስተርደይ»። ከሥራቸው ስድስት ግሥ በጥንድ፤ «ጎ» እና «ዌንት»፣ «ሲ» እና «ሶ»፣ «ኢት» እና «ኤት»፣ «ፕሌይ» እና «ፕሌይድ»፣ «ዎሽ» እና «ዎሽት»፣ «ሄልፕ» እና «ሄልፕት»። በቃ። በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፋቸውን ልብ በሉልኝ፤ እዚህ ድምፁን ነው የምጽፍላችሁ።

ለምን ስድስት ብቻ? ለምንስ እነዚህ? የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ደንብ የሚከተሉትን፣ «ኢ-ዲ» የሚጨመርባቸውን ግሦች ማስተማር፣ ከሳምንት በኋላ ያፈነገጡትን ዝርዝር መስጠት ነው። ለሰዋስው መጽሐፍ ይህ ንጹሕ ቅደም ተከተል ነው። ልጅ ግን ስለ ትናንቱ ሲናገር በመጀመሪያ የሚያስፈልገው «ሄድኩ፣ በላሁ፣ አየሁ» ነው፤ እነዚህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሁሉም ያፈነገጡ ናቸው። ደንቡን ብቻ ይዞ ሳምንት የቆየ ልጅ «ጎድ»፣ «ኢትድ» ማለት ይለምዳል፣ ከዚያ ለማስለቀቅ ሌላ ሳምንት ይሄዳል። ሦስት ከሦስት ቀላቅዬ ስሰጠው ግን ከመጀመሪያው ቀን «አንዳንዱ ጨርሶ ይለወጣል፣ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ይጨመርበታል» የሚለውን ያያል። ከስድስት በላይ ደግሞ በ40 ደቂቃ ከአፍ አይገባም፤ ደብተር ላይ ብቻ ነው የሚገባው።

አንድ ለልጆቹ የምነግራቸው ደስ የሚል ዜና አለ። አማርኛችን «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ» እያለ ስምንት መልክ ይለዋውጣል። እንግሊዝኛ ለስምንቱም አንድ «ዌንት» ብቻ ነው ያለው። «እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሰነፍ ነው» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ይህን በአማርኛ ነው የምናገረው። ለሱፐርቪዥን የሚመጡ ሰዎች «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድም የአማርኛ ቃል» ይላሉ። እኔ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እጠቀማለሁ፤ መመሪያ ስሰጥና እንዲህ ያለ ልዩነት ሳሳይ። መመሪያውን ያልተረዳ ዴስክ ሰባት ደቂቃ በከንቱ ያጠፋል፤ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አምስት ሰኮንድ ነው።

አሁን ክፍለ ጊዜውን እንዳለ ልውሰዳችሁ።

ማዳበሪያው እንደተሰቀለ ስለ ራሴ ትናንት አምስት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። «የስተርደይ አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት። አይ ሶ ማይ ሲስተር። አይ ኤት ሽሮ። አይ ዎሽት ማይ ሹዝ። አይ ሄልፕት ማይ መዘር።» እያንዳንዱን በእጅ ምልክት፤ እግር መራመድ፣ ዓይን መጠቆም፣ መጉረስ፣ መፈግፈግ፣ ዕቃ ማንሣት። ሦስት ጊዜ እናገረዋለሁ። መጀመሪያ ይሰማሉ። በሁለተኛው ምልክቱን እነሱም ይሠራሉ። በሦስተኛው እኔ አፌን ዘግቼ ምልክቱን ብቻ ሳሳይ ግሡን እነሱ ይጠሩታል። ይህ ሁሉ ስምንት ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ጊዜ «ደንቡ ይኸ ነው» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

ቀጥሎ ክፍሉን መሐል ለመሐል እከፍለዋለሁ። በመስኮት በኩል ያሉት «ኤቭሪ ደይ»፣ በበር በኩል ያሉት «የስተርደይ»። «ጎ!» ስል የበሩ ወገን «ዌንት!» ብሎ ይመልሳል። «ሶ!» ስል የመስኮቱ ወገን «ሲ!»። ከዚያ ይቀያየራሉ። ልጆቹ ይህን ይወዱታል፤ ግን ትልቅ ወጥመድም ያለው እዚህ ነው። 39 ልጅ አብሮ ሲጮኽ ያላወቀው ልጅ በጩኸቱ ውስጥ ይደበቃል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ የጎረቤቱ ነው። ከበር ላይ ቆሞ ለሚሰማ ርዕሰ መምህር ክፍሉ በሙሉ የገባው ይመስላል። ስለዚህ ከግማሽ ክፍል ወደ አንድ ረድፍ፣ ከረድፍ ወደ አንድ ዴስክ፣ ከዴስክ ወደ አንድ ልጅ እወርዳለሁ። የምጠራው እጁን ያወጣውን አይደለም፤ ከኋላ ሦስተኛው ዴስክ መሐል የተቀመጠውን ነው። ረድፉ ላይ ድምፁ በድንገት ቢቀንስ፣ ቀድሞ የሰማሁት ጩኸት የአሥር ልጆች ብቻ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ስለ «ኢ-ዲ» ድምፅ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መምህር የሚያልፈው ነገር ነው። በጽሑፍ ሁሉም «ኢ-ዲ» ይሁን እንጂ አፍ ላይ ሦስት ነው። «ፕሌይድ» ላይ «ድ»፣ «ዎሽት» እና «ሄልፕት» ላይ «ት»፣ «ዎንትድ» ላይ ደግሞ «እድ» የምትል ተጨማሪ ክፍለ ቃል። እኛ ፊደሉን እንዳየነው ስለምናነብ «ሄልፐድ»፣ «ዎሸድ» እንላለን፤ ልጁም ከእኛ ይወስደዋል። ለ5ኛ ክፍል የድምፅ ደንብ አላስተምርም። ማጨብጨብ ብቻ። «ሄልፕ» አንድ ጭብጨባ ነው፤ «ሄልፕት»ም አንድ ጭብጨባ ነው። ኢ-ዲው ጭብጨባ አይጨምርም። ከ78 ተማሪ መካከል ማን «ሄልፐድ» እንዳለ በጆሮ መለየት ይከብዳል፤ ሁለቴ ያጨበጨበውን ግን ወዲያው አያለሁ። «ዎንትድ»ን የመሰሉት፣ ሁለት ጭብጨባ ያላቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይመጣሉ፤ ያኔ ለምን እንደሚለዩ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ «ት» ላይ ሌላ «ት» መጨመር አፍ እምቢ ይላልና።

ከዚያ ወደ ዴስኩ ሥራ። ሦስት ልጆች፤ አንደኛዋ ስለ ራሷ አንድ ትናገራለች፣ «የስተርደይ አይ ዌንት ቱ ዘ ሾፕ»። ሁለተኛው ለሦስተኛው ያስተላልፋል፣ «ሺ ዌንት ቱ ዘ ሾፕ»። ሦስተኛዋ ዳኛ ናት፤ ከማዳበሪያው ጋር እያስተያየች «የስ» ወይም «አጌን» ትላለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የማስተላለፉ ነገር ዝም ብሎ የተጨመረ አይደለም። ሁለተኛው ልጅ እንዲያስተላልፍ ስለሚገደድ መስማት አለበት፤ «አይ» ወደ «ሺ» ሲለወጥም «ዌንት» እንደማይለወጥ በአፉ ያረጋግጣል። ልጆቹ ከ«ሺ» በኋላ «ስ» መጨመር ተምረው ስለመጡ «ሺ ዌንትስ» የሚል ይኖራል፤ ዳኛዋ ካላያት እኔ ስዞር እሰማታለሁ።

ለዚህ 12 ደቂቃ እሰጣለሁ። ጫጫታ አለ። ጎረቤት ክፍል ያለው ባልደረባዬ ግድግዳውን ይደበድባል። «የአንድ ክንድ ድምፅ» የሚል ሕግ አለን፤ ክንድህን ዘርግተህ ከሚደርስበት በላይ ድምፅህ አይሰማ። ሕጉ የሚሠራው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ እኔ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ፣ ጸጥታ ይሆናል፣ እንደገና ይጀምራሉ። የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ለምን አልተጠቀምክም ለምትሉኝ፤ በአምስት ልጅ ቡድን ውስጥ ሁለቱ ይናገራሉ፣ ሦስቱ መሪውን ያያሉ። ወንበር ማዟዟርም ቦታ የለም። ሦስቱ ቀድሞውኑ አብረው ተቀምጠዋል፤ ቡድኑ ዴስኩ ራሱ ነው።

በዚህ ሰዓት ስዞር ነው ዕቅዱ ያልያዘው ነገር የሚገጥመኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከስድስቱ ግሥ አንዱንም አልወሰደም። ዝም አለ። ጠጋ ስል በአማርኛ «ቲቸር፣ እኔ ትናንት አልተጫወትኩም፣ ሠርቻለሁ» አለኝ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። «ዎርክ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ ማዳበሪያው ላይ ግን የለም። ማርከሬን አውጥቼ ሰባተኛ አድርጌ ጻፍኩለት፤ «ዎርክ»፣ «ዎርክት»። በዚያች ቀን ብዙ ዴስክ «አይ ዎርክት» አለ፤ በግ የሚጠብቅ፣ እንጀራ የሚያደርስ፣ ታናሹን የሚይዝ። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያው ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ባዶ እተዋለሁ፤ ግሡን ልጆቹ ያመጣሉ።

ከዚሁ ጋር «ኤት» የሚለው ግሥ አለ። «ትናንት ምን በላህ?» የምትለው ጥያቄ በእኛ ክፍል ውስጥ ቀላል ጥያቄ አይደለችም። ስለዚህ ዴስኩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ የምናገረው ሌላው ዓረፍተ ነገር «እውነት መሆን የለበትም፣ ትናንት አንበሳ በላሁ ብትሉም ይሆናል» የሚል ነው። ሰዋስው እውነትን አይጠይቅም። አንበሳ፣ አውሮፕላን፣ ሙሉ በግ የበሉ ልጆች ይበዛሉ፤ ያልበላውም ከእነሱ መካከል ሆኖ ይስቃል።

የመጨረሻዎቹ ስምንት ደቂቃዎች የጽሑፍ ናቸው። 78 ደብተር ሰብስቤ ልረም ብል ሌሊቱ አይበቃኝም፤ ስለማይበቃኝም ብዙ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ብቻ ይደረግና ይመለሳል፤ ያ እርማት አይባልም። በምትኩ አንድ የደብተር ወረቀት ለስምንት እቀዳለሁ። ለ78 ተማሪ አሥር ወረቀት በቂ ነው። እያንዳንዱ በብጣሿ ላይ ስሙንና ስለ ትናንት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ስድስቱን ግሥ የሚያየው ከማዳበሪያው ነው፤ ሆኖም ለመጻፍ ሲጀምሩ የቀኙን ዓምድ አጥፌ እሸፍነዋለሁ። ሲወጡ በር ላይ ይሰጡኛል።

ብጣሾቹን አላርምም፤ እለያቸዋለሁ። በሻይ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንደኛው ክምር ትክክል የሆኑት ናቸው። የፊደል ስሕተት እዚህ አልቆጥርም። እንዲያውም «ሄልፕት»ን በ«ኢ-ዲ» ፋንታ መጨረሻው ላይ በ«ቲ» የጻፈ ልጅ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ጆሮው በትክክል ሰምቷል ማለት ነው፣ የቀረው አጻጻፉ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክምር «የስተርደይ አይ ጎ» የሚሉት ናቸው። የጊዜውን ቃል ስለተናገረ ግሡን መለወጥ አላስፈለገውም፤ «ትናንት» ካለ ነገሩ አልቋል ብሎ ያስባል። ለእነዚህ በሚቀጥለው ቀን «የስተርደይ» የሚለውን ቃል እከለክላለሁ። «አይ ጎ» ወይም «አይ ዌንት» ብቻ እላለሁ፣ እነሱ የትኛው ዓምድ እንደሆነ በእጅ ይጠቁማሉ። የጊዜው ቃል ሲወሰድበት ግሡ ራሱ ሥራ መሥራት እንዳለበት ልጁ ይገባዋል።

ሦስተኛው ክምር ለእኔ በጣም የሚገርመኝ ነው። «የስተርደይ አይ ዋዝ ጎ»። ዓመት ዓመት ይመጣል። ብዙ መምህር «ግድ የለሽ» ብሎ ያልፈዋል፤ ልጁ ግን ግድ የለሽ አይደለም፤ በጣም ጥንቁቅ ተርጓሚ ነው። እኛ በዕለት ንግግራችን «ትናንት መርካቶ ሄጄ ነበር» ነው የምንለው። ልጁ «ነበር» ማለት «ዋዝ» መሆኑን ተምሯል። ስለዚህ ለ«ነበር» «ዋዝ»ን አስቀመጠ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም «ቱሬ» የምትል ተመሳሳይ ቃል ስላላቸው ያንኑ መንገድ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኔ ራሴ «ዌንት»ን ስተረጉም «ሄድኩ» እንጂ «ሄጄ ነበር» እንዳልል መጠንቀቅ። ሁለተኛ፣ «ዋዝ» እና «ወር»ን ከዚህ ትምህርት ቢያንስ በሁለት ሳምንት ማራቅ። የትምህርት ዕቅዱ ቅጽ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያስቀምጣቸው እኔ «ዋዝ»ን ወደኋላ እገፋለሁ፤ ቅጹ ላይ ተምሯል ተብሎ ከሚሞላ ልጁ ላይ ቢገባ ይሻለኛል። በዚህ ከዲፓርትመንት ኃላፊያችን ጋር በየሴሚስተሩ እንነታረካለን።

የቅጹን ነገር ካነሣሁ አይቀር። «መርጃ መሣሪያ» የሚል ዓምድ አለው። እኔ «ማዳበሪያ 1፣ ኮፍያ 1» እሞላለሁ። ማዳበሪያውን አይታችኋል። ኮፍያው ለሦስተኛው ቀን ነው።

ሦስተኛው ቀን የአሉታ ቀን ነው፤ «አልሄድኩም»። ለምን በመጀመሪያው ቀን እንደማላስገባው አማርኛችንን ተመልከቱ። «ሄድኩ» የሚለው በ«አል» እና በ«ም» መካከል ይገባና እንዳለ ይቀመጣል፤ «አልሄድኩም»። ያለፈ ጊዜነቱን አይለቅም። ልጁም በዚያው አመክንዮ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ያለፈ ጊዜውን ለ«ዲድ» ሰጥቶ ግሡን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ «አይ ዲድ ኖት ጎ»። ይህን በቃል ማስረዳት ለ11 ዓመት ልጅ ምንም አይለውም።

ስለዚህ ሦስት ልጆች ከፊት ይቆማሉ። አንደኛው «አይ» ነው፣ ሁለተኛዋ «ጎ» ናት፣ ሦስተኛው ለጊዜው ከበሩ አጠገብ ይጠብቃል። ኮፍያው «ትናንት» ነው። «ጎ» ኮፍያውን ስታደርግ ክፍሉ «ዌንት!» ይላል፤ ስታወልቅ «ጎ!»። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ «ዲድ ኖት» የተባለው ልጅ ከበሩ መጥቶ በመሐላቸው ይገባል፤ ሲገባ ኮፍያውን ከ«ጎ» ራስ ላይ ነጥቆ በራሱ ላይ ያደርጋል። ኮፍያው አንድ ነው፤ ሁለት ሰው አያደርገውም። ክፍሉ ያነባል፤ «አይ ዲድ ኖት ጎ»። ከዚያ በ«ኢት»፣ በ«ሲ»፣ በ«ዎሽ» ልጆቹ እየተለዋወጡ ይቆማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አንዱ «ዲድ ኖት ዌንት» ካለ የማርመው በቃል አይደለም፤ ራሴን በእጄ እነካለሁ። «ኮፍያ!» የሚለው ድምፅ ከኋላ ዴስክ ይመጣል። ጥያቄውም በዚያው ኮፍያ ነው የሚሄደው፤ «ዲድ» ኮፍያውን እንዳደረገ ከ«ዩ» ፊት መጥቶ ይቆማል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ሲታጨቅ የሦስቱ ተራ ይፈርሳል፤ መሐል ያሉት ይናገራሉ፣ ጫፍ ያሉት ላለመውደቅ ይታገላሉ። እንዲህ ባለ ሴክሽን ውስጥ ሁለት ሁለት አደርጋለሁ፣ ዳኛ አይኖርም፣ ስሕተቱም ይበዛል። ሌላው፣ ይህ ዕቅድ ለአፍና ለጆሮ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ በዚህ መንገድ ማንበብ አይጀምርም፤ ከማዳበሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ለእሱ ሥዕል ነው። በ78ቱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ በብጣሿ ላይ ስማቸውን ብቻ ጽፈው ይሰጡኛል። ለእነሱ የተለየ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ያ ጊዜ የለም። ማድረግ የምችለው ብጣሻቸውን ለብቻ አራተኛ ክምር አድርጌ በስም መያዝና፣ በዴስክ ሥራው ጊዜ መጀመሪያ እነሱ ጋር ሄጄ በአፋቸው መስማት ነው። አንዳንዶቹ በአፍ ከጎበዞቹ እኩል ናቸው።

ሰኔ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። ጣራችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ እንኳን የዴስክ ሥራ፣ እኔ ብጮኽም ሁለተኛው ረድፍ አይሰማኝም። ለዚያ ቀን ሌላ ነገር አዘጋጅቻለሁ። በእጅ ምልክት ግሡን አሳያለሁ፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ የቀኙን መልክ ይጽፋሉ፣ ደብተሩን ወደ ላይ ያነሡታል። እጄ ራሴ ላይ ከሆነ ኮፍያው አለ ማለት ነው፤ ከሌለ የግራውን ይጽፋሉ። 78 ደብተር በአንዴ ሲነሣ ከፊት ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ከሩቅ ፊደሉ ባይነበብም ማን የጎረቤቱን አይቶ ዘግይቶ እንዳነሣ ይታያል።